ሊንኩን ነክተነዋል፤ አሁንስ?

ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን ውስጥ በዕድራችን ጉባኤ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ አባላት ስለጠየቁኝ ከተቀዳው ድምፅ ገልብጬዋለሁ። ማሳሉንና የስልክ ጩኸቱን ብቻ ነው ያስቀረሁት።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ! ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ጋቢ ላይ ጋቢ የደረበውን ሰው ሳይ መልሱ ገብቶኛል። ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ጠጋ በሉ። ድምፅ ማጉያው ዛሬም እንደ ልማዱ ነው።

ሰብሳቢያችን “ስለ ስልክ ሌቦች አንድ ሁለት ነገር በለን” ብለውኛል። ለምን እኔን እንደመረጡ ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመት ባንክ ውስጥ ሠርቻለሁ። “ገንዘቤ ጠፋ” የሚል ሰው ሲደውል ስልኩን ከሚያነሱት አንዱ ነበርኩ። አሁን እዚሁ ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ የባንክ መስሎ የሚመጣው መልእክት በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ የአክስቴ ታሪክ። ሦስተኛ፣ ሊንኩን ከነካን በኋላ ምን እናድርግ? የመጀመሪያውን አሳጥረዋለሁ። ለምን? እንዴት እንደሚለይ የሚነግረን ሰው ሞልቷል። እኔ ጋ ይደውል የነበረው ሰው ግን ነክቶ የጨረሰ ነው። ለእሱ “ባትነካ ኖሮ” ማለት ምን ይረባዋል?

እሺ፣ አንደኛ። መልእክቱ በምን ይለያል?

ብዙዎቻችሁ “አማርኛው የተሰባበረ ነው፣ ፊደል ይገድፋል” ትሉኛላችሁ። ድሮ ልክ ነበር። አሁን ሌባው እውነተኛውን የባንክ መልእክት ቀድቶ ሊንኩን ብቻ ይቀይራል። እንዲያውም ባንክ ቤት ሳለሁ እኛው ራሳችን ፊደል የገደፈ መልእክት ልከን እናውቃለን። ስለዚህ በአማርኛው አትፍረዱ።

“የላኪውን ስም አያለሁ” የሚልም አለ። እሱም አያስተማምንም። በላኪ ቦታ ላይ የሚታየው ስም ላኪው የጻፈው ጽሑፍ ነው። ስልካችሁ ደግሞ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን መልእክቶች አንድ ላይ ይደረድራል። ሌባው የባንኩን ስም አስመስሎ መላክ ከቻለ፣ የሱ መልእክት ከእውነተኞቹ ሥር ተሰልፎ ይገባል። ከላይ ያለፈው ወር ደመወዛችሁ አለ፣ ከሥሩ ሌባው አለ። መጠርጠር ይከብዳል።

ታዲያ ምን ይታያል? ሊንኩ ይታያል። ይህን በትልቁ ጽፌ ያመጣሁት ወረቀት እዩልኝ። መነጽር ያላችሁ አድርጉ።

```
https://combanketh.et.fayda-update.example/login
```

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ድረ ገጽ `combanketh.et` ነው። እሱን የመረጥኩት አብዛኞቻችን ስለምናውቀው ነው፤ ነገሩ ለሁሉም ባንክ አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የንግድ ባንክ ነው ወይስ አይደለም? እጅ አውጡ። አያችሁ፣ ግማሻችሁ “ነው” አላችሁ።

አይደለም። አነባበቡን ላሳያችሁ። ከ`https://` ቀጥሎ ያለውን ያዙ። የመጀመሪያዋ ነጠላ ያዘነበለች መስመር `/` ላይ፣ ማለትም ከ`login` በፊት ያለችው ላይ፣ ቁሙ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። መጀመሪያ `example`፣ ቀጥሎ `fayda-update`። ባለቤቱ ያ ነው። ከሱ በስተግራ ያለው ሁሉ ባለቤቱ ደስ ያለውን የሚለጥፍበት ሰሌዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ “መንዝ ሥጋ ቤት” የሚል ሰሌዳ ብታዩ ሥጋ ቤቱ መንዝ ነው ያለው ትላላችሁ? አትሉም። ይህም እንደዚያው ነው። መጨረሻው ላይ `example` ያልኩት ለማስተማሪያ ነው፤ ሌባው እዚያ ቦታ ላይ የገዛውን ያስገባል።

አንድ ልጨምር። `combanketh` እና `cornbanketh` የሚሉትን አስተያዩልኝ። ሁለተኛው ላይ `m` የለችም። `r` እና `n` ተጠጋግተው ነው። በትንሽ ስልክ፣ በፀሐይ ላይ፣ ማን ይለየዋል? እኔም አልለየውም። ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፏ ምልክትም አትረዳም። ቁልፏ የምትለው “ከዚህ ገጽ ጋር የምታወሩትን ሌላ ሰው መሐል ገብቶ አይሰማም” ነው። ገጹ የማን ነው ለሚለው መልስ የላትም። ሌባውም ቁልፍ አለው፣ በነፃ ያገኘዋል።

ስለዚህ እኔ ራሴ የምሠራበት ነገር አንድ ነው። መልእክቱ እውነት ይሁን ሐሰት አልመረምርም። ሊንኩን እተወዋለሁ። የባንኬን አፕ በራሴ እጅ እከፍታለሁ፣ ወይም ካርዴ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ላይ እደውላለሁ፣ ወይም ቅርንጫፍ እሄዳለሁ። ጉዳዩ እውነት ከሆነ እዚያም ይጠብቀኛል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። አክስቴን ደብረ ሲና የምታውቋት ካላችሁ አደራ፣ እንደነገርኳችሁ አትንገሯት። አስፈቅጃታለሁ፤ ግን “ስሜን ሳትጠራ” ብላኛለች።

አክስቴ ደብረ ሲና ቆሎ ትሸጣለች። ከጣርማ በር ወርዶ የሚያልፍ መኪና ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ጠዋት 5 ሰዓት ተኩል ላይ መልእክት ገባላት። “ውድ ደንበኛችን፣ የፋይዳ ቁጥርዎ ከሂሳብዎ ጋር ስላልተያያዘ ከዛሬ 6፡00 ሰዓት ጀምሮ ሂሳብዎ ይታገዳል። ለማያያዝ ይህን ይጫኑ።”

ልብ አድርጉልኝ። ፋይዳን ከሂሳብ ጋር አያይዙ የሚለው እውነተኛ ጉዳይ ነው። ባንኮችም ይጠይቃሉ። ሌባው ውሸቱን የተከለው እውነት ላይ ነው። ሐሰቱ የቱ ጋ ነው? “ዛሬ 6 ሰዓት” የሚለው ላይ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ሰጣት። ቆሎውን ትታ ቅርንጫፍ እንዳትሄድ፣ ሰው እንዳታማክር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሌባው የሚፈልገው ማፍሰሱን ነው።

ነካችው። የባንኳን ቀለምና አርማ የያዘ ገጽ ተከፈተ። ስልክ ቁጥር ጠየቃት፣ ሰጠች። የሞባይል ባንኪንግ ፒን ጠየቃት፣ ሰጠች። ከዚያ ገጹ “ኮድ ይላክልዎታል፣ ያስገቡ” አላት። ወዲያው ኮድ መጣ። ከማን? ከእውነተኛው ባንክ! አክስቴ እስከ ዛሬ የማይገባት ይህ ነው። “ኮዱ እኮ የመጣው ከባንኬ ነው” ትለኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ ሐሰተኛው ገጽ ላይ ስትጽፍ፣ ሌባው በሌላ ወገን የጻፈችውን ተቀብሎ እውነተኛው አፕ ላይ በራሱ ስልክ ያስገባል። ባንኩ “አዲስ ስልክ ላይ ሊገባ የሚፈልግ ሰው አለ፣ ባለቤቷ ናት?” ብሎ ለማረጋገጥ ኮዱን ለአክስቴ ላከ። ኮዱ የሷ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነበር። እሷ ደግሞ ዘበኛውን ወስዳ ለሌባው አስረከበችው። መልእክቱ ላይ “ለማንም አይስጡ” ይላል። እሷ ግን ለሰው አልሰጠችም፣ ለባንኩ ገጽ ነው የሰጠችው። እንዲህ ነበር የመሰላት።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ምክር ላንሳ። “መጀመሪያ የተሳሳተ ፒን አስገባ፣ ሐሰተኛ ገጽ ከሆነ ይቀበልሃል፣ እውነተኛ ከሆነ ይመልስሃል” የሚሉ አሉ። አሁን የነገርኳችሁን አስቡ። ሌባው የጻፋችሁትን ወዲያው እውነተኛው ባንክ ላይ የሚሞክር ከሆነ፣ የተሳሳተው ፒን እዚያ ተመልሶ ገጹ “ስህተት ነው” ይላችኋል። እናንተም “እውነተኛ ነው” ብላችሁ ትክክለኛውን ትሰጣላችሁ። ይህን ፈተና እርሱት።

ኮዱን ከሰጠች በኋላ ገጹ ምን አላት መሰላችሁ? “በሂደት ላይ ነው፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፣ አፕዎን አይክፈቱ” አላት። አፕዋን ከፍታ ሂሳቧን እንዳታይ ነው። ጠበቀች። ለደንበኛ ቆሎ ሰፈረች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፣ 9,500 ብር ወጥቷል። ቀጥሎ ጮኸ፣ 4,000 ብር ወጥቷል።

አሁን ምን አደረገች? አፈረች። መልእክቱን አጠፋችው። ሁለቱንም፣ የሌባውንም የባንኩንም። ለልጇ አልተናገረችም። ለእኔ የደወለችው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ነው። ያቺ ሰዓት ናት ያቃጠለችን። ባንኩ ጋ ስንደውል 4,000ው ገና የተላከበት ሂሳብ ላይ ነበር፣ ታገደ። 9,500ው ግን አልፎ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ወጥቷል። የታገደውም ቢሆን በዕለቱ አልተመለሰም። ባንክ ከአንድ ሰው ሂሳብ ላይ በሌላ ሰው ቃል ብቻ ገንዘብ አንስቶ አይሰጥም። ፖሊስ ጋ መዝገብ ተከፈተ፣ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ሳምንታት ወሰደ። የጠፋው መልእክት ስላልነበረን የሊንኩን አድራሻ ለፖሊስ ማሳየት አልቻልንም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አትፈሩ። እኔም ነክቻለሁ። አዎ፣ እኔ! ባንክ ቤት እየሠራሁ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ በእንቅልፍ ልብ ነካሁ። ገጹ ሲከፈት ነው የነቃሁት። ምንም ስላልጻፍኩ ዘጋሁት።

ይህ ወደ ሦስተኛው ይወስደናል። ከነካችሁ በኋላ ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። ምን ሰጠሁ? ድገሙልኝ። ምን ሰጠሁ? ቀጥሎ የምታደርጉት ሁሉ በዚህ መልስ ይወሰናል።

“ምንም አልሰጠሁም፣ ገጹ ተከፍቶ ዘጋሁት” ከሆነ መልሱ፣ ተረጋጉ። ገጹን መክፈት ብቻውን ሂሳብ ባዶ አያደርግም። ስልኩን መስበርም ሲም መቀየርም አያስፈልግም። የሆነ ነገር ወርዶ እንደሆነ የወረዱ ፋይሎች ያሉበትን ቦታ እዩ፣ ካለ ሳትከፍቱ አጥፉት። ስልካችሁ “አዲስ ማሻሻያ አለ” እያለ ከሆነ አድሱት፤ ያረጀ ስልክ ቀዳዳ ይኖረዋል። ቁጥራችሁ የሚነካ ሰው እንዳለበት ሌባው አውቋልና ሊደውልም ይችላል። ያ ነው።

“ፒን ወይም ኮድ ጽፌያለሁ” ከሆነ፣ ያን ጊዜ ደቂቃ ትቆጠራለች። ቀድሞ የሚደረገው ስልክ መደወል ነው። የት? መልእክቱ ውስጥ ያለው ቁጥር ላይ አይደለም! ካርዳችሁ ጀርባ ወይም የባንክ ደብተራችሁ ላይ ያለው ላይ። ለንግድ ባንክ 951 ነው። ሲያነሱላችሁ ታሪኩን ከጧት ጀምራችሁ አትተርኩ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ስንቱ በታሪክ ደቂቃ እንዳባከነ አይቻለሁ። እንዲህ በሉ፦ “ፒኔን ለሌባ ሰጥቻለሁ። ሞባይል ባንኪንጌንና ካርዴን አሁን አግዱልኝ።” ከታገደ በኋላ ተርኩ። ገንዘብ ወጥቶ ከሆነ የወጣበትን ሰዓት፣ መጠንና በመልእክቱ ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር ስጡ። “የተላከበትን ሂሳብ እንዲታገድ ጠይቁልኝ” በሉ። ያናገራችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፉ።

መስመሩ ቢያዝስ? ይያዛል፣ አውቃለሁ። አንድ ሰው ይደውል፣ ሌላው ወደ ቅርንጫፍ ይሩጥ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉ። እየጠበቃችሁ ሳለ ደግሞ አፑ ላይ ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ፒን ደጋግማችሁ አስገቡ። ብዙ ባንኮች ጋ ጥቂት ጊዜ ሲሳሳት አገልግሎቱ ራሱን ይቆልፋል። ይህ ግን ማዘግያ ነው። ሌባው አስቀድሞ ገብቶ ከተቀመጠ ላያስወጣው ይችላል። ስልኩን አትተዉ።

ከዚያ ያው ፒን ሌላ ቦታ አለ ወይ ብላችሁ አስቡ። ቴሌብር ላይ ያለው ፒናችሁ ከባንኩ ጋር አንድ ነው? እጅ አታውጡ፣ ፊታችሁ ላይ አይቻለሁ። ቀይሩት። መልእክቱንም አታጥፉ። ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፣ ሊንኩ በሙሉ እንዲታይ። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ያዙት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 958/2008። “ይህ የፖሊስ ጉዳይ አይደለም” የሚላችሁ ካለ ቁጥሩን ንገሩት።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም የከፋ ነው። “አፕ ጫንኩ።” ይህ በብዛት በቴሌግራም ነው የሚመጣው። የባንክ አርማ ያለው ፋይል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ `.apk` የሚል። “አዲሱ የባንኩ አፕ ነው፣ የድሮው ይዘጋል” ይላል። ከተጫነ በኋላ ፈቃድ ይጠይቃል። አጭር መልእክት ላንብብ ይላል። ከዚያ `Accessibility` የሚባለውን ክፈትልኝ ይላል። ይህ ማየት ለሚቸገሩ ሰዎች ስልኩን የሚያነብላቸው፣ የሚጫንላቸው አገልግሎት ነው። ለሌባ ከተሰጠ ግን ስክሪናችሁን ያያል፣ በእናንተ ፋንታ ይጫናል። ኮዱን ማንም ሳይጠይቃችሁ ራሱ ያነበዋል።

ስለዚህ እዚህ ላይ የመጀመሪያው እርምጃ ይለያል። መጀመሪያ ስልኩን ከአውታር አውጡት። የአውሮፕላኑን ምልክት ንኩ፣ ዋይፋይም መጥፋቱን አረጋግጡ። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ለባንኩ ደውሉ። ፒን ለመቀየር ያንን ስልክ አትጠቀሙ! ሌባው እያየ አዲሱን ፒን መስጠት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ አድርጓል። ጎበዝ መምህር ነው። ፒኑን ሁለት ጊዜ ቀየረ፣ ሁለቴም ሌባው ተከትሎት ገባ።

ባንኩ ካገደ በኋላ ወደ ስልኩ ተመለሱ። `Settings` ውስጥ `Accessibility` ገብታችሁ የማታውቁት አፕ በርቶ ካያችሁ አጥፉት። `Device admin apps` የሚልም አለ፣ እዚያም ፈልጉት። እነዚህ ካልጠፉ አፑ አልጠፋም ብሎ ያስቸግራል። ከዚያ አፑን አጥፉት። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ አልረካም። ፎቶና የስልክ ቁጥሮቻችሁን ብቻ ሌላ ቦታ አስቀምጣችሁ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ በ`Factory reset` አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስጀምሩት። ስታስጀምሩት ያ የ`.apk` ፋይል አብሮ እንዳይመለስ። የባንክ አፑን ከዚያ በኋላ ከ`Play Store` አውርዱ፣ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አስከፍቱ።

ጥያቄ አለ? አዎ፣ አባቴ።

“የሌባውን ቁጥር ብሎክ ባደርገው አይበቃም?” አይበቃም አባቴ። ሌባው አሁን የሚሠራው በሚደውልበት ቁጥር ሳይሆን በሰጡት ፒን ነው። ብሎክ ቢያደርጉት ስድቡን ብቻ ነው የማይሰሙት።

እትዬ፣ ቀጥይ። “ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን የሚል ሰው ደውሎልኛል” አልሽ? ጎሽ፣ ይህን ረስቼው ነበር። አክስቴም ተደውሎላታል፣ ከሳምንት በኋላ። “ከባንኩ ምርመራ ክፍል ነን፣ 9,500ውን አግኝተነዋል፣ ለማስመለሻ 700 ብር ላኪ” አላት። ምን ያህል እንደጠፋባት እንዴት አወቀ? የወሰደው እሱ ነዋ! ባንክ ገንዘብ ለመመለስ ቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ፖሊስም አይጠይቅም።

አክስቴ ያን ቀን ምን አለችው? “መጥተህ ውሰድ፣ ደብረ ሲና ቆሎ ተራ ነኝ” አለችው። ስልኩን ዘጋ።

ሰብሳቢያችን ሻይ ደርሷል እያሉኝ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ካርዳችሁን አውጡና ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስልካችሁ ላይ ብቻ ግን አይደለም፤ ስልኩ ራሱ የተበላሸ ቀን ከየት ታወጡታላችሁ? አክስቴ ቆሎ በምትሰፍርበት ጣሳ ላይ በማርከር ጽፋዋለች። የሚገዛው ሰው ሁሉ የሷ ስልክ ቁጥር ይመስለዋል።